ከዝርዝሩ የሰረዝኩት ምስጋና

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ የሆነው ሁሉ ከዚሁ ጠባዬ የመጣ ስለሆነ ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ገበያ ስትወጣ ከላይ የተደረደረውን ሽንኩርት ትታ እጇን ወደ ታች ትሰዳለች፤ ሻጩ ቢቆጣም ግድ አልነበራትም። እኔ ደግሞ ወረቀት ሲሰጠኝ እንደዚያ ነኝ። የተጻፈውን ትቼ ያልተጻፈውን እፈልጋለሁ።

ለሥራዬ ይህ ጠባይ ይመቻል ብዬ አምን ነበር። የቡና ገበሬዎች ማኅበራትን በሚደግፍ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት አዘጋጅ ነኝ። ቢሮአችን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ከታች የብረት በር የሚበይዱ ልጆች፣ ከጎን ሻይ ቤት። ጠዋት ከመንደራ ቆጪ በባጃጅ እመጣለሁ፣ ከየቡና ማጠቢያ ጣቢያው የተላከውን አነባለሁ፣ አስተካክዬ ወደ ላይ አሳልፋለሁ። እዚህ ቢሮ አንድ ነገር ተሠራ ወይም አልተሠራም የሚባለው ከእኔ ጠረጴዛ ካለፈ በኋላ ነው።

ከሚጽፉልን ሰዎች ሁሉ ያስቸገሩኝ የመስክ አስተባባሪያችን ነበሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ተወልደው ያደጉት በዚያው በአጋሮ መስመር ባለ የቡና ከተማ፣ ገበሬው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። በሞተር ሳይክላቸው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞሩ ውለው በወሩ መጨረሻ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ይልካሉ። አንድ ጽሑፍ ስል አንድ አንቀጽ ማለቴ ነው። ከቢስሚላሂ ይጀምራል፣ አሚን ላይ ያልቃል፣ በመሃሉ አራት ነጥብ የለም። ማሽኑ፣ የቡና ማድረቂያ አልጋው፣ ችግኙ፣ ስብሰባው፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ የታመመ የኮሚቴ አባል፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ተያይዞ ይወርዳል።

እኔ ያንን አንቀጽ እጠረጥረው ነበር። ይህን ያህል ቃል የሚያፈስ ሰው የሆነ ነገር ሊያሰጥም ፈልጎ ነው እል ነበር። እሳቸውን ግን ፊት ለፊት ስናገኛቸው እጅግ ጨዋ ናቸው፤ ያም ጥርጣሬዬን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

በዚያ መስከረም አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ወጣት ነው፣ ከአዲስ አበባ፣ ፈጣን፣ ሲያወራ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ። የመጀመሪያውን ሪፖርት እንዳለ ስልክለት ከክፍሉ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ስልኩን አስቀመጠ።

«ይሄን ማን ያነበዋል?» አለ። «አራት ጊዜ ስክሮል አድርጌ አሁንም መሃሉ ላይ ነኝ። ለአጋሮቻችን ፎርዋርድ ማድረግ አለብኝ እኮ።»

«እሳቸው እንዲህ ነው የሚጽፉት» አልኩት።

«እሳቸው እንደፈለጉ ይጻፉ። አንቺ ዝርዝር አድርጊው። አጫጭር ርዕስ፣ ከሥር አጫጭር ነጥብ። ሰው ሻይ እያማሰለ ሊያየው የሚችለው ይሁን።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ደግሞ ልንገርሽ፤ ኅዳር ላይ ኮንትራታቸው ይታደሳል ወይም አይታደስም። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም። በሥራቸው ነው የማውቃቸው፤ ሥራቸውን የማየው ደግሞ ከዚህ ነው።»

ስለዚህ ከመጀመሪያው አውቄ ነው የገባሁበት። ሰውየው ሥራቸው ላይ ይቆዩ ወይም አይቆዩ የሚወሰነው እኔ በማወጣው ዝርዝር ነበር። ልጃቸው ነርሲንግ እየተማረች እንደሆነም አውቅ ነበር። ይህን ማወቄ ግን እጄን አላለዘበውም፤ እንዲያውም አሁን ገና የሚደብቁትን አገኛለሁ የሚል ደስታ ቢጤ ተሰማኝ።

አንቀጹን አሳተምኩት፤ ገጽ ተኩል ወጣው። መጀመሪያ በእርሳስ እያንዳንዱን ነገር ቁጥር ሰጠሁት፤ አንድ የተፈጸመ ወይም ያልተፈጸመ ጉዳይ አንድ ቁጥር። ሃያ ሦስት ሆነ። ቀጥሎ የሚዛመዱትን ሰበሰብኩ፤ የታችኛው ጣቢያ ማሽን ጉዳይ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ነበር፣ የችግኝ ጣቢያው በሁለት። ከዚያ ርዕስ አወጣሁ። ርዕስ ከሁለት ቃል አይበልጥም፣ ከሥሩ ያለው መስመር አንድ ነገር ብቻ ይይዛል፣ መስመሩ በዕቃው ስም ይጀምርና ያለበትን ሁኔታ ተናግሮ በቀን ወይም በሚጠብቀው ነገር ያልቃል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ስንት ሪፖርት ስገለብጥ ያገኘሁት ነው። ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ቅርጽ ሲኖረው ዓይን የጎደለውን ወዲያው ያየዋል።

ዋና ዋናው እንዲህ ወጣ፦

የተጠናቀቀ
– መፈልፈያ ማሽን፦ ተጠግኗል፣ ተሞክሯል፣ ነሐሴ መጨረሻ
– ማድረቂያ አልጋ፦ ሃያ ተሠርቷል፣ ጳጉሜን

የቀረ
– ማድረቂያ አልጋ፦ አሥር፣ የሽቦ መረብ ይጠብቃል
– የችግኝ ጥላ፦ ግማሹ፣ ሣር ይጠብቃል

ያልተረጋገጠ
– የፍሳሽ ጉድጓድ፦ ሁኔታው አልተገለጸም

ውሳኔ የሚፈልግ
– የሽቦ መረብ፦ ግዥ ይፈቀድ

«ያልተረጋገጠ» የሚለውን ርዕስ ለዚያች ለአንዲት መስመር ብዬ ነው የፈጠርኩት። ጉድጓዱን የትም ላስገባው አልቻልኩም። እሳቸው የጻፉት «የፍሳሽ ጉድጓዱን በተመለከተ ከሽማግሌዎች ጋር በተደረገው ምክክር መሠረት የቦታው ነገር በመልካም ተፈትቶ ሥራው በአግባቡ እየሄደ በመሆኑ» የሚል ነበር። ተቆፍሯል? አልተቆፈረም? የቦታው ነገር ማለት ምንድን ነው? በአንቀጹ ውስጥ ሳነበው ለስለስ ብሎ ያልፋል። በዝርዝር ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ባዶነቱ ታየ። ይኸውልሽ፣ አልኩ ለራሴ፤ ያልተቆፈረ ጉድጓድ ነው የሸፈኑት።

ደወልኩላቸው። ሰላምታቸው እንደ ጽሑፋቸው ነው፤ የእኔን ጤና፣ የእናቴን ጤና፣ የጅማን ዝናብ ጠይቀው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም?»

ከኋላቸው የሰዎች ድምፅ ይሰማል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ በስልክ የሚወራ አይደለም። መጥተሽ ታዪዋለሽ፤ ኢንሻአላህ።»

«አዎ ወይም አይደለም ቢሉኝ ይበቃኛል።»

«ጻፍኩልሽ እኮ። እንዳለ ተዪው።»

እንዳለ ተዪው! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ስልኩን ዘግቼ ለሥራ አስኪያጁ «ጉድጓዱ ላይ ሊመልሱልኝ አልፈለጉም» አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ያሰበው የተረጋገጠለት ሰው አነቃነቅ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ነው። ዝርዝር ስጨርስ ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ተመልሼ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከርኩ በእርሳስ እሰርዛለሁ። ሳይሰረዝ የቀረ ካለ ረስቼዋለሁ ማለት ነው። በዚያ ቀንም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የመግቢያውን ሰላምታና የመደምደሚያውን ምስጋና ሥራውን ከመጀመሬ በፊት በአንድ ረጅም መስመር ሰርዣቸው ነበር። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የማደርገው። እዚያ ውስጥ መረጃ የለም፤ ለወረዳው ምስጋና፣ ለኮሚቴው ምስጋና፣ ለእገሌ ማኅበር ምስጋና። ሽንገላ ነው ብዬ አልፋቸዋለሁ። ሃያ ሦስቱን ነገር ስቆጥርም ከእነሱ ውስጥ አንድም አልቆጠርኩ።

ዝርዝሩ በእሳቸው ስም ወጣ። ከሥር «አዘጋጅ፦ የመስክ አስተባባሪ» ይላል፤ ሁልጊዜም የሚለው እንዲሁ ነው፣ የእኔ ስም አይገባበትም። ሥራ አስኪያጁ በጣም ወደደው። እውነት ለመናገር ጥሩ ነገርም አመጣ፤ እሳቸው ለሦስት ወር በአንቀጻቸው ውስጥ ሲለምኑት የነበረው የሽቦ መረብ «ውሳኔ የሚፈልግ» በሚል ርዕስ ሥር ብቻውን ሲቆም በሁለት ቀን ተፈቀደ። በዚያው ቀን ሥራ አስኪያጁ የግዥ ዕቅዱን ከፍቶ ዝርዝሩን ከጎኑ አድርጎ እያየ፣ መፈልፈያው ተጠናቋል ስለሚል ለእሱ የተያዘውን የሞተር ቺንጋ ግዥ ሰረዘው። ቺንጋ የሚሉት ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኘውን የጎማ ቀበቶ ነው። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ልኩ ጅማ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ነው የሚመጣው። ሲሰርዘው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምንም አልመሰለኝም።

ጥቅምት ገባ። ቡናው ቀላ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከታችኛው ጣቢያ ጥሩ ወሬ መጣ፤ ገበሬው እሸቱን እየለቀመ ያስገባል፣ ማሽኑ ይፈለፍላል፣ አልጋው ይሞላል። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ወጥቶ ቆመ።

«መፈልፈያው ቆሟል» አለ። «ቺንጋ የለውም ይላሉ። ተጠናቋል አላሉም እንዴ ሰውየው?»

«ብለዋል» አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ ምንም ሳላመነታ።

«ዋሽተውናል።»

እሸት ቡና አይቆይም። ዛሬ የተለቀመ ዛሬ ካልተፈለፈለ ማሽተት ይጀምራል፤ ለታጠበ ቡና አይሆንም። ገበሬው ያለው ምርጫ ወይ እንዳለ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ፣ ወይ መንገድ ላይ ለሚጠብቅ ነጋዴ በሰጠው ዋጋ መልቀቅ ነው። ይህን ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኛም እናውቃለን። በማግስቱ በድርጅቱ መኪና ሄድን። መንገዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ላይ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት፤ «ኮንትራቱ የማይታደስበት ምክንያት» የሚል ርዕስ ነበረው፤ ከሥሩ ነጥቦች። አንደኛው «የተሳሳተ መረጃ፦ መፈልፈያ»፣ ሁለተኛው «የተደበቀ መረጃ፦ ጉድጓድ»። የእኔን ቅርጽ ነው የወሰደው።

ጣቢያው ስንደርስ ከማሽኑ ቤት ፊት ለፊት እሸት የሞላ ማዳበሪያ ተደርድሮ ነበር። ሴቶች ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ማዳበሪያዋን ፈታ እጇን ከታች ድረስ ሰዳ ሙቀቱን ታያለች። አስተባባሪው ከማኅበሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር ወጡ። ሰላም አሉን፤ ያው እንደ ወትሮው፣ የቤተሰባችንን ጤና ሁሉ ጠይቀው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጉድጓዱን ነው። ከአልጋዎቹ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰፊና ጥልቅ፣ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሮ። ተቆፍሮ ብዙ ጊዜው እንደሆነ አፈሩ ይናገራል። ሰብሳቢው ዓይኔን ተከትለው አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ አስረዱኝ። መጀመሪያ የተለካው ቦታ ከአንዲት ሴት ምንጭ በላይ ነበር። ፍሳሹ ውሃዋን ሊያበላሽ ነው። ሴትየዋ ደፍራ አልተናገረችም፤ ሽማግሌ ገብቶ ነው ወደዚህ የዞረው። «አንቺ በደወልሽበት ሰዓት እዚያው ሽማግሌዎቹ ጋ ተቀምጠን ነበር» አሉኝ። «ሴትየዋ ራሷ ነበረች። እሷ ባለችበት በስልክ ጉዳይዋን ማውራት ነውር ነው።»

ጆሮዬ ሞቀ። ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ጉድጓዱ እንኳ እውነት ቢሆን ማሽኑ ውሸት ነው ብዬ ያዝኩት።

ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አላጠፋም። «ማሽኑ ተጠናቋል ብላችሁ ነበር» አለ።

«ሠርቷል» አሉ ሰብሳቢው። «ሁለት ሳምንት ሠራ። ቺንጋው የላይኛው ማኅበር ነበር። የነሱ ቡና ደጋ ላይ ስለሆነ ዘግይቶ ነው የሚቀላው። እስኪቀላ አዋሱን፤ ቀላ፤ ወሰዱ። እኛስ የናንተን ስንጠብቅ ነበር።»

«የተዋሰ መሆኑን ማን ነገረን?»

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። «ተጽፏል እኮ። እሳቸው ከመላካቸው በፊት ኮሚቴውን ሰብስበው ያነቡልናል፤ ኦሮምኛ አድርገው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የጎደለ ካለ እንናገራለን። ቺንጋውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «አለ እንዴ?»

«የማስታውሰው የለም» አልኩ። «አያለሁ።»

አስተባባሪው ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያገላብጡታል። ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸው ያን ጊዜ የጥፋተኛ መሰለኝ።

ስንመለስ ከኋላ ተቀምጬ የእሳቸውን የመስከረም ጽሑፍ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። «ቺንጋ» ብዬ ፈለግሁ። አንድ ቦታ ወጣ። መጨረሻው ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ፣ ከአሚን ሁለት መስመር ቀደም ብሎ፦ «እንዲሁም ቡናቸው እስኪቀላ ድረስ ቺንጋቸውን ሳይሰስቱ ላዋሱን ለላይኛው ማኅበር ወንድሞቻችን ምስጋናችን ከፍ ያለ ሲሆን የእኛው እስኪመጣ በጉጉት የምንጠብቅ መሆናችንን እየገለጽን»።

ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። የተዋሰ መሆኑ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የእኛን እንደሚጠብቁ። የሰው ዕቃ በእጃቸው ይዘው እንደ ጉድለት ሊጽፉት አልወደዱም፤ አመስግነው ነው የተናገሩት። እዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ሰው ቤታችን መጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ያ ድስታችሁ ደግሶልኛል» ሲል ድስቱ እስካሁን እሱ ጋ እንዳለ እየነገረን መሆኑን ልጅ ሆኜ እንኳ አውቃለሁ። ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ግን ይህን እረሳዋለሁ። የተደበቀ ነገር ስፈልግ የተገለጠውን በእርሳስ ሰረዝኩት።

አፍሬ ነበር። ማፈሬን ተናግሬ ግን አላውቅም። ከፊት ሥራ አስኪያጁ «አገኘሽው?» አለኝ።

«ኔትወርኩ አስቸገረኝ» አልኩ።

ይህን የምጽፈው ለማስዋብ አይደለም፤ እንዲህ ብያለሁ። ወረቀቱ ላይ ስሜ የለም፣ ማንም ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ተመልሶ አያነብም፣ እሳቸው ደግሞ ራሳቸውን አይከላከሉም። ዝም ብል ነገሩ በእሳቸው ላይ ያልፋል። ይህን ሁሉ በደንብ አስቤዋለሁ፤ ጅማ እስክንገባ ድረስ የማስበው ሌላ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስገባ ከእሳቸው መልእክት ደርሶኛል። ከፍቼ የማነበው የሌላ ሰው መሰለኝ። ቢስሚላሂ የለውም። ስለ እናቴ ጤና አይጠይቅም። ዝርዝር ነው፤ ርዕስ ያለው፣ ልክ እኔ እንደማወጣው፣ ከሁለት ቃል የማያልፍ።

የቆመ
– መፈልፈያ፦ ቺንጋ የለም፣ ከማክሰኞ ጀምሮ

የተበላሸ
– እሸት ቡና፦ የአርባ አንድ አባላት፣ በከፊል ጀንፈል ሆኗል

ምክንያት
– አስተባባሪው፦ ቺንጋው የተዋሰ መሆኑን በግልጽ አላስታወቀም

የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ጥፋቱን ራሳቸው ወስደውታል። ለምን? ይህን ለማመን ቸግሮኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልወሰንኩም። አንድም ሰውየው እንደዚያ ጨዋ ናቸው፤ በግልጽ አልጻፍኩም ብለው ከልባቸው አምነው ሊሆን ይችላል። አንድም ያቺን ምስጋና ማን እንደሰረዛት ያውቃሉ፤ ዝርዝሩን ወደ ላይ የማሳልፈው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ያቺን መስመር በገዛ እጄ አሳልፋት እንደሆነ ሊያዩኝ ነው። የትኛው እንደሆነ ባላውቅም መስመሩ እውነት እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር። እንዳለ ባሳልፈው ደብዳቤው በእሳቸው ቃል ይደመደማል።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍቶ «የሳቸው መጣ?» አለኝ።

«መጥቷል። እያስተካከልኩት ነው።»

ብዙ የሚስተካከል አልነበረውም። «ምክንያት» ከሚለው ርዕስ ሥር ያለውን መስመር ልሰርዘው አሰብኩና እጄ እምቢ አለ፤ በዚያ ወር የእሳቸውን ቃል መሰረዝ ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ እንዳለ ተውኩትና ከሥሩ ሌላ ርዕስ ጨመርኩ። ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ስለ ምስጋናው፣ ስለ አጻጻፋቸው፣ ስለ ጊዜ እጥረት። ግማሽ ገጽ ሆነብኝ። ያው የእሳቸው አንቀጽ ሆነ፤ ልዩነቱ የእኔ በእውነት የሚደብቀው ነገር ነበረው። አጠፋሁትና እንዲህ ጻፍኩ፦

እርማት
– ቺንጋ፦ የተዋሰ መሆኑ በመስከረም ጽሑፋቸው ውስጥ ነበር
– ቺንጋ፦ ከዝርዝሩ ያወጣሁት እኔ፣ ሪፖርት አዘጋጇ
– ጉድጓድ፦ ተቆፍሯል፣ «ያልተረጋገጠ» ያልኩት ስህተት ነው
– ቺንጋ፦ ግዥ ዛሬ ይፈቀድ

የመስከረሙን አንቀጽ ሙሉውን አያይዤ፣ ያለፈው ዝርዝር ለደረሳቸው ሁሉ በአንድ ላይ ላክሁት። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ልኬ ቢሆን ይሻል ነበር የሚሉኝ አሉ፤ ለእሱ ብቻ ብልክ ግን እዚያው እንደሚቀር ጠረጠርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩን ይዞ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ቢያንስ ቀድመሽ ብትነግሪኝስ?» አለ። «ደብዳቤውን ትናንት ማታ ልኬዋለሁ እኮ።»

«ይመለሳ።»

«ምስጋና ውስጥ ነው እንዴ ሰው ይሄን የሚጽፈው?»

«አዎ» አልኩት። «እዚህ ምስጋና ውስጥ ነው የሚጻፈው። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ደብዳቤው ተመለሰ፤ ለእኔ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ፋይሌ ውስጥ አለ። ቺንጋው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ፈጀ። የአርባ አንዱ ሰው እሸት ወደ ኋላ አይመለስም፤ የኮንትራቱ መታደስ ለእነሱ ምናቸውም አይደለም።

በዚያው ከሰዓት አስተባባሪው ደወሉ። ሰላምታውን ጠበቅሁ፤ የእናቴን ጤና፣ ዝናቡን። አልመጣም።

«ያንን ጽሑፍ አየሁት» አሉ። «ለኮሚቴውም አነበብኩላቸው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ማን ነው ያስጻፈሽ?»

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። «ማንም አላስጻፈኝም። ራሴ ነኝ።»

«ልጄ፣ ለእኔ ንገሪኝ፣ አልናገርም። አለቃሽ ነው? ከላይ ነው? ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«ማንም የለም ጋሼ፤ ወላሂ ማንም የለም። ስህተቱ የኔ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።»

ከኋላቸው ሞተር ሳይክል ሲያልፍ፣ ሰው በኦሮምኛ ሲጣራ ይሰማኛል። በመጨረሻ በዚያ ጨዋ ድምፃቸው «ኤዬ፣ እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። አላመኑኝም።